አንዱ ነገር ድንገት ሁለት ሆኖ ሲታይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

 

ዛሬ የምናወራው ማታ ደህና ሆኖ የተኛ ትልቅ ሰው ጠዋት ሲነሣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ስለሚያይበት ሁኔታ ነው። ምን ሆኖ ነው? ዓይኑ ታሞ ነው? ወይስ ችግሩ ከዓይኑ ጀርባ፣ ከአንጎሉ ነው? ሐኪም ዘንድ ሲደርስስ ምን ይፈለግበታል?

ነገሩን አንድ ሰው ይዘን እንከተለው። ሰውየው ለምሳሌ ያቆምናቸው ናቸው፤ የደረሰባቸው ግን በየጤና ተቋሙ የሚታይ ነው።

(አጭር ፋታ)

የ56 ዓመት አባወራ ናቸው እንበል። ወሩ ኅዳር ነው፤ የሩዝ አጨዳ ደርሷል። በማለዳ ከቤት ወጥተው ወደ አስፋልቱ ሲመለከቱ የመብራት ምሰሶው ጎን ለጎን ሁለት ሆኖ ቆሟል። የምትመጣው ባጃጅም ሁለት ናት። ዓይናቸውን አሹ፣ በውኃ ታጠቡ፤ ለውጥ የለም። ደግሞ የሚገርመው፣ እጃቸው ላይ ያለውን የሩዝ ዘለላ ሲያዩት አንድ ነው። የሚደራረብባቸው ሩቁ ነው።

ከግራ ዓይናቸው በላይ ትንሽ ይወጋቸዋል። ሌላ ሕመም የለም። ንግግራቸው ደህና ነው፣ እጅና እግራቸው እንደ ወትሮው ይታዘዛል። ቤተሰቡ ግን ተጨነቀ። አንዱ "ምች ነው" አለ፣ ሌላው "እንቅልፍ ማጣት ነው" አለ። አንድ ጎረቤትም "ጓያ በልተህ ይሆናል" አላቸው።

ስለ ጓያው አንድ ነገር ልበል። በፎገራና በደንቢያ የኖረ ሰው ጓያ የሚያመጣውን ጉዳት ያውቀዋል፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ጓያ የሚያሽመደምደው ግን እግርን ነው። ድንገት ሁለት አድርጎ ማየት የጓያ ምልክት አይደለምና ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ልንሠራው የምንችል አንድ ቀላል ፈተና አለ። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ሰውየው ምሰሶውን እያዩ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ። አሁን ስንት ነው? ቀጥለው ግራውን ይሸፍኑ። አሁንስ?

የእኛ አባወራ ቀኙን ሲሸፍኑ ምሰሶው አንድ ሆነ። ግራውን ሲሸፍኑም አንድ ሆነ። ሁለቱም ዓይኖች ሲከፈቱ ብቻ ነው ሁለት የሚሆነው። ይህ ምን ይነግረናል? እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ደህና እንደሚያይ፣ ችግሩም ሁለቱ ዓይኖች አንድ አቅጣጫ መያዝ አለመቻላቸው እንደሆነ ይነግረናል። እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ሲያፈነግጥ እርሻው ይበላሻል፣ በሬዎቹ ግን ለየብቻ ሲታዩ ጤነኞች ናቸው።

አንዱን ዓይን ሸፍነን፣ ክፍት በሆነው በሌላው ብቻ እያየንም ነገሩ ሁለት ሆኖ ከቀጠለስ? ያኔ ችግሩ ያለው በዚያው በተከፈተው ዓይን ውስጥ ነው፤ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ መነፅር የሚፈልግ ጉድለት ወይም በዓይን ፊት ላይ ያለ ጠባሳም ሊሆን ይችላል። ይህም ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያኑ ቀን የሚያስሮጥ አይደለም።

ልድገመው፤ አንዱን ስንሸፍን አንድ የሚሆን፣ ሁለቱን ስንከፍት ሁለት የሚሆን ከሆነ፣ ድንገት ከጀመረም፣ ያ ሰው በዕለቱ መታየት አለበት።

(ፋታ)

እያንዳንዱ ዓይን ስድስት ጡንቻዎች አሉት። እነዚህን ጡንቻዎች ከአንጎል የሚመጡ ሦስት ነርቮች ያዝዟቸዋል። ሐኪሞች በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ነርቭ። ስድስተኛው ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ዓይንን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ በኩል ይስባል። አራተኛው ወደ ታች ለማየት ይረዳል፤ እሱ ሲደክም ሰው ደረጃ ሲወርድ ወይም እህል ሲለቅም ነገሩ ላይና ታች ሆኖ ይደራረብበታል፣ አንገቱንም ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ላይ ይህ ይታያል። ሦስተኛው የቀሩትን ጡንቻዎች ይዞ፣ በተጨማሪ የዓይን ቆብን ያነሣል፣ ብሌንንም ያጠባል። ይህን ሦስተኛውን አስቡልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን አባወራችን ወረታ ጤና ተቋም ደርሰዋል። ጤና መኮንኑ አስቀመጣቸው።

የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው። "አባቴ፣ መቼ ጀመረዎት? ማታ ሲተኙ ደህና ነበሩ? ነገሩ ጎን ለጎን ነው የሚሆነው ወይስ ላይና ታች? ሩቅ ሲያዩ ይብሳል ወይስ ቅርብ? ጠዋትና ማታ ይለያያል? ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ማዞር አለ? ሲውጡ ያንቅዎታል? ስኳር ወይም ግፊት አለብዎት?" እነዚህ ጥያቄዎች የወሬ ማራዘሚያ አይደሉም። ሩቅ ሲታይ ብሶ ጎን ለጎን የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የስድስተኛው ነርቭ ነው፤ ምክንያቱም ሩቅ ለማየት ሁለቱ ዓይኖች ከአፍንጫ ወደ ውጭ መላቀቅ አለባቸው። የሩዙ ዘለላ አንድ፣ ምሰሶው ሁለት የሆነውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ መኮንኑ ዝም ብሎ ተመለከታቸው። ፊታቸውን ትንሽ ወደ ግራ አዙረው ነው የተቀመጡት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሰውነታቸው ራሱ መላ ፈልጎ ነው። ፊት ወደ ግራ ሲዞር ዓይኖች ወደ ቀኝ ያያሉ፣ በዚያ በኩል ደግሞ የደከመው የግራ ዓይን ጡንቻ አያስፈልግም፤ ነገሩም አንድ ይሆናል።

ከዚያ "ራስዎን ሳያዞሩ ብዕሬን በዓይንዎ ብቻ ይከተሉ" አላቸው። ብዕሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሁለቱም ዓይኖች እኩል ሄዱ። ወደ ላይና ወደ ታችም እንዲሁ። ወደ ግራ ሲሄድ ግን ቀኙ ዓይን ተከተለ፣ ግራው መሃል ላይ ቆመ። ነጩ ክፍል በጆሮው በኩል እንዳለ ቀረ። "አሁን ብዕሩ ስንት ነው?" ሁለት ነው፤ ያውም ከሁሉ አቅጣጫ ይልቅ እዚህ ተራርቋል። "ግራ ዓይንዎን ልሸፍን፤ የትኛው ጠፋ?" የጠፋው ዳር ያለው ነው። የደከመው ዓይን ምስሉን ሁልጊዜ ወደ ዳር ይጥለዋልና ይህ መልስ የታየውን አጸና፤ የግራው ስድስተኛ ነርቭ ሰንፏል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ እዚህ ላይ እንጠይቅ። ነርቩ መስነፉ ታወቀ። ለምን ሰነፈ? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ የቀረው ምርመራ ሁሉ እሱን ለመመለስ ነው።

መኮንኑ ግፊታቸውን ለካ። ከጣታቸው ደም ወስዶ ስኳር ለካ። ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት፤ መሣሪያው 238 አሳየ። ምግብ ሳይበላ 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ በሌላ ቀን ወይም በሌላ የደም ምርመራ ይረጋገጣል። ሰውየው ስኳር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ውኃ በብዛት መጠጣታቸውንና ሌሊት ለሽንት መነሣታቸውን ግን አሁን ሲጠየቁ አስታወሱ።

ስኳርና ግፊት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጎዳሉ። ነርቭም እንደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል በደም ነው የሚኖረው። ስድስተኛውን ነርቭ የምትመግበው ቀጭን ሥር ስትዘጋ ነርቩ በድንገት ይደክማል፤ ከዓይን በላይ የነበረው ውጋትም ከዚሁ ይመጣል። መልካሙ ነገር እንዲህ ያለው ድካም ባብዛኛው ሰው በ3 ወር ገደማ ውስጥ ይመለሳል።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። እኔ በጣም የማሳስበው እዚህ ጋ ነው፤ ስኳር የተገኘበት ሰው ሁሉ ነርቩን የጎዳው ስኳር ነው ማለት አይቻልም። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ለስትሮክም ይበልጥ የተጋለጠ ነውና። ስለዚህ መኮንኑ ሌላ አደጋ እንደሌለ እስኪያጣራ ድረስ ምርመራውን ቀጠለ።

(ፋታ)

መጀመሪያ ብሌናቸውን አየ። ብሌን ማለት በዓይን መሃል ያለችው ጥቁር ክብ ናት፤ ብርሃን የሚገባባት። ክፍሉን ትንሽ አጨልሞ በባትሪ አበራባቸው። ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ሁለቱም ጠበቡ። የዓይን ቆባቸውም አልወደቀም።

ቅድም "አስቡልኝ" ያልኳችሁን ሦስተኛ ነርቭ እዚህ ላይ እናንሣው። የአንድ ሰው የዓይን ቆብ ድንገት ቢወድቅ፣ ቆቡ ሲነሣ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች አፈንግጦ ቢገኝ፣ ብሌኑም ከሌላው ሰፍቶ በብርሃን አልጠብ ቢል፣ ምን ማለት ነው? በአንጎል ሥር ግድግዳው ሳስቶ ያበጠ የደም ሥር ነርቩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ብሌንን የሚያጠቡት ክሮች በነርቩ ላይኛው ሽፋን አካባቢ ስለሚያልፉ ከውጭ የሚጫን ነገር ቀድሞ የሚጎዳው እነሱን ነው። ያ ሥር ከፈነዳ ሰውን በሰዓታት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የወደቀ ቆብና የሰፋ ብሌን አብረው ከታዩ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሪፈር ነው። ብሌኑ ደህና ስለሆነ ብቻም ሰውን መልቀቅ አይገባም፤ በቀናት ውስጥ ሊሰፋ ስለሚችል እየተመላለሰ መታየት አለበት።

ቀጥሎ መኮንኑ ስትሮክን ፈለገ። አድማጮቼ፣ ስትሮክ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው አፍ መጣመምና የአንድ ጎን እጅና እግር መዛል ነው። ልክ ነው። ነገር ግን ከአንጎል ኋላ፣ ከአንገት በላይ ባለው ግንድ ላይ የሚደርስ ስትሮክ አለ፤ የዓይን ነርቮች የሚነሡት ከዚያ ነው። ይህኛው አፍን ሳያጣምም፣ እጅን ሳያዝል ሊመጣ ይችላል። ሁለት አድርጎ ማየት፣ ኃይለኛ ማዞር፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ፣ የቃል መኮላተፍ፣ ውኃ ሲጠጡ መታነቅ፣ የፊት መደንዘዝ፤ እነዚህ ተያይዘው ሲመጡ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ መኮንኑ ፊታቸውን በጥጥ ነካ ነካ አደረገ፣ ጥርሳቸውን እንዲያሳዩ፣ ምላሳቸውን እንዲያወጡ አደረገ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አዘዘ፤ የሚወርድ እጅ የለም። በጣታቸው አንዴ አፍንጫቸውን፣ አንዴ የእሱን ጣት አስነካቸው፤ አልሳቱም። በመጨረሻ አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ቀጥ ባለ መስመር እንዲራመዱ አደረገ። ይህን እርምጃ በጭራሽ አትዝለሉት እላለሁ፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ደህና የመሰለ ሰው ሲቆም የሚወድቅበት ጊዜ አለና። እሳቸው ቀጥ ብለው ተራመዱ። የልብ ምታቸውንም ያዘ፤ ምቱ የተዛባ ልብ የደም መርጋት ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል።

አሁን እንገልብጠው። እኚሁ አባወራ ሲራመዱ ቢንገዳገዱስ? ቃላቸው ቢኮላተፍስ? ያኔ ጤና ተቋሙ ውስጥ መዋል የለም። ወረታ መንገዱ የሚገነጠልበት ከተማ ነው፤ በአንድ በኩል ደብረ ታቦር ወደ 40 ኪሎ ሜትር፣ በሌላው ባሕር ዳር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። የአንጎል ሲቲ ስካን ወደሚገኝበትና የአንጎል ሕመምተኛ ወደሚተኛበት ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ስልክ ተደውሎ ተጠይቆ።

ለምን ይቸኩላል? በደም መርጋት ለመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ባለው የ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ በአገራችን በየሆስፒታሉም አይገኝም። መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ መታነቅን መከላከል፣ ግፊትንና ስኳርን በሐኪም እጅ መያዝ ሕይወት ያተርፋል። ሰዓት ስትቆጥሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ታሞ የተገኘ ሰው ሕመሙ የጀመረው በነቃበት ሰዓት ተደርጎ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ደህና ሆኖ ከታየበት ከመጨረሻው ሰዓት ነው። ስለዚህ "ማታ 3 ሰዓት ላይ ደህና ሆነው ተኙ" የሚል የቤተሰብ ቃል ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

በመንገድ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ምን አናድርግ? የሚያንቀውን ሰው ውኃም ምግብም አናጉርስ። አስፕሪን ከሱቅ ገዝተን አንስጥ፤ ስትሮኩ የደም መፍሰስ ከሆነ ያብሰዋልና። የጎረቤት የግፊት ክኒንም አንስጥ፤ ግፊትን በድንገት ማውረድ ደም ያጠረውን አንጎል ይበልጥ ያስርበዋል። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ግን ሐኪም ካየው በኋላ ይሁን፤ ይህ ሕመም ሰዓቱን አይጠብቅም።

ሲቲ ስካን ተነሥቶ "ምንም የለም" ቢባልስ? በዚያ በአንጎል ግንድ ላይ ያለን ትንሽ ስትሮክ ሲቲ ስካን ሊስተው ይችላል። ሲቲው ደም መፍሰስን በደንብ ያሳያል፤ ትንሽ መርጋትን ግን ኤምአርአይ ነው ይበልጥ የሚያሳየው። ስለዚህ ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ሰውየው እየተንገዳገደ ከሆነ ቃሉ የሚታመነው የሰውየው አካል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ጥቂቶቹን ብቻ ላንሣ። ራስ ምታቱ ለቀናት እየበረታ፣ ጠዋት ጠዋት እያስመለሰ ስድስተኛው ነርቭ ከደከመ፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ይሆናል። ዕጢ፣ የማጅራት ገትር፣ የአንጎል ሽፋን ቲቢ እንዲህ ያደርጋሉ። ሐኪሙ በመሣሪያ የዓይንን ውስጥ የሚያየው ለዚህ ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ከዓይን ጀርባ የሚወጣው ነርቭ አፍ ያብጣል።

ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚብስ፣ የዓይን ቆብም ሲደክም የሚወድቅ ከሆነ ሌላ ነገር ይታሰባል፤ ነርቩ ለጡንቻው የሚያስተላልፈው ትእዛዝ የሚዳከምበት ማያስቴኒያ የሚባል ሕመም። ሐኪሙ ሰውየውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ወደ ላይ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ቆቡ ቀስ እያለ ይወርዳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ2 ደቂቃ ያህል በተዘጋው ዓይን ላይ ይደረጋል፤ ቆቡ በግልጽ ከተነሣ ጥሩ ፍንጭ ነው። ይህ ሕመም ወደ መዋጥና ወደ መተንፈስ ጡንቻ ከተሻገረ አደገኛ ነው።

አንድ ደግሞ የሚረሳ አለ። አረቄ የሚያበዛና ምግብ የማይበላ ሰው፣ ወይም በእርግዝና ለሳምንታት ማስመለስ ያላቆመላት እናት፣ ሁለት አድርገው ማየት፣ መንገዳገድና መደናገር ከጀመራቸው የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎልን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ቫይታሚኑ በመርፌ ቶሎ ሲሰጥ ዓይኑ በሰዓታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። ግሉኮስ ብቻውን ቀድሞ ከተሰቀለላቸው ግን ያለችውን ጥቂት ቫይታሚን ይጨርሳታል፤ ቫይታሚኑ መቅደም አለበት። ፎገራ የሩዝ አገር ነውና ልጨምር፤ ሩዝ በደንብ ሲፈተግ ለከብት በሚሄደው ብናኝ ውስጥ ብዙው ቢ1 አብሮ ይሄዳል። ሌላ ሳይቀላቅል ነጭ ሩዝ ብቻ ለረጅም ጊዜ የሚመገብ ደካማ ሰው ካለ ይህን ለሐኪሙ መንገር ጠቃሚ ነው።

(ፋታ)

ወደ አባወራችን እንመለስ። ብሌናቸው ደህና፣ አረማመዳቸው ደህና፣ ንግግራቸው ደህና፤ የተገኘው የግራ ስድስተኛ ነርቭ መድከምና ስኳር ብቻ ነው። መኮንኑ የስኳር ሕክምና አስጀምሮ፣ የዓይኑን ውስጥ በመሣሪያ የሚያይ የዓይን ሐኪም እንዲያያቸው ወደ ሆስፒታል ጻፈላቸው። እዚህ ክልል ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው፤ ከአጠቃላይ ሆስፒታል አቅም በላይ የሆነ ወደዚያ ይላካል።

ለነርቩ የተለየ ክኒን የለም። እስኪመለስ አንዱን ዓይን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ድርብ እይታውን ወዲያው ያስቀረዋል፤ ቀን በቀን እያፈራረቁ መሸፈን ይቻላል። አንድ ዓይን ሲሸፈን ርቀት መገመት ይከብዳልና ሞተር አይነዱም፣ ማጭድም ለጊዜው ለልጆቹ ይተዋሉ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት መጠነኛ መባስ ሊኖር ይችላል። ሌላ አዲስ ምልክት ከታየ ግን፣ ለምሳሌ ቆብ ከወደቀ፣ ሌላኛው ዓይን ከተጨመረ፣ ፊት ከደነዘዘ፣ ማዞር ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሳሉ።

ከዚያ በየጊዜው ብዕሩ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ግራ ዓይናቸው እስከ የት እንደደረሰ ይጻፋል። በ3 ወር ውስጥ እየተሻሻለ ከሄደ ምክንያቱ የቀጭኗ ሥር መዘጋት እንደነበር ይበልጥ ይታመናል። በ3 ወር ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግን "ስኳር ነው" ብሎ መቀመጥ የለም፤ የአንጎል ምስል መነሣት አለበት። ነርቩ ከ6 ወር በላይ ባለበት ከቀረም የዓይን ሐኪሙ ምስሎቹን የሚያገናኝ ልዩ መነፅር ያዝዛል፣ ወይም ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና ያስተካክላል።

ለሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው መንገድ ላኩልን። ስትጽፉ ሦስት ነገር ጨምሩ፤ ሕመምተኛው ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ አንድ ዓይን ሲሸፈን ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደጀመረው። ዛሬ የጀመረው ሰው ያላችሁ ግን እኛን አትጠብቁ፤ ይዛችሁት ውጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)